ግድግዳው ስንት ካሬ ይበላል?
በእጅ የተሳለ የቤት ንድፍ በርና መስኮቱ ወደተለየ ትክክለኛ ፕላን ሲቀየር

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ላይ ቦታ አግኝቶ ቤት ለመሥራት የተነሣ ቤተሰብ እጅ ላይ አንድ ወረቀት አይጠፋም። ከልጆች ደብተር የተቀደደ ገጽ ሊሆን ይችላል። በላዩ ላይ አራት ማዕዘኖች ተሰካክተውበታል፤ በውስጣቸውም «ሳሎን 4 በ5»፣ «መኝታ 4 በ4»፣ «ኩሽና 4 በ3» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ ወረቀት ባልና ሚስት ስንት ማታ ተቀምጠው እንደተወያዩ ይናገራል። ሦስት ነገሮችን ግን አይናገርም፤ ግድግዳው ምን ያህል እንደሚወፍር፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ መስኮቱም ከየት ብርሃን እንደሚያገኝ። ቤቱ ከተቆፈረ በኋላ የሚያጨቃጭቁትም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

መልካሙ ነገር፣ ሦስቱንም መሠረት ከመቆፈሩ በፊት በማስመሪያ፣ በእርሳስና በላፒስ ማወቅ መቻልዎ ነው። ይህን ለማሳየት እህቴና ባለቤቷ ሰበታ ላይ ሊሠሩት ያሰቡትን ቤት እንደ ምሳሌ ልጠቀም። ቦታቸው 200 ካሬ ነው፤ ፊቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ሜትር። በስተግራ ከጎረቤት ድንበር ጋር ይጠጋሉ፤ በስተቀኝ ደግሞ 2 ሜትር መተላለፊያ ሊተዉ አስበዋል። ንድፋቸው በሁለት ረድፍ የተከፈለ ነው። በግራው ረድፍ ከፊት ወደ ኋላ ሳሎን፣ መታጠቢያ ቤትና ኩሽና ይገኛሉ፤ በቀኙ ረድፍ ሦስት መኝታ ክፍሎች። እያንዳንዱ ረድፍ 4 ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት አለው። ሂሳቡ ያምራል፤ 4 እና 4 ሲደመሩ 8፣ መተላለፊያው 2፣ በድምሩ 10 ሜትር። ቤቱም 8 በ10፣ ማለትም 80 ካሬ ሆነ።

መጀመሪያ ቦታውን ይለኩ

ፕላን የሚጀምረው ከክፍሎቹ ሳይሆን ከመሬቱ ነው። ካርታው ላይ 10 በ20 ተብሎ ቢጻፍም፣ አጥሩ ከታጠረ በኋላ በውስጥ የሚቀርዎት ስፋት ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ረዘም ያለ ሜትር ይያዙና አራቱንም ጎኖች ለየብቻ ይለኩ። አንዱን ጎን ለክተው «ያኛውም እንደዚሁ ነው» ብለው አይለፉት።

ቀጥሎ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን፣ ሁለቱንም አግድሞሽ ይለኩ። ቦታው በትክክል 10 በ20 ከሆነና ማዕዘኖቹ ቀጥ ካሉ፣ ሁለቱም አግድሞሾች ወደ 22 ሜትር ከ36 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። አንዱ ከሌላው ከበለጠ ቦታዎ ተንጋዷል ማለት ነው፤ አንድ ማዕዘን ላይ ቀጥ ብሎ የተጀመረ ቤትም ሌላኛው ጫፍ ላይ ከአጥሩ ጋር ይጋጫል። የእህቴ ቦታ በፊት በኩል 10 ሜትር፣ በኋላ በኩል ግን 9 ሜትር ከ80 ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ሲያጋጥም ፕላኑ የሚሠራው በጠባቡ ልክ ነው።

እዚያው ቦታው ላይ ሳሉ ፀሐይ የምትወጣበትን አቅጣጫ፣ የግቢው በር የሚሆንበትን ጎን፣ የጎረቤት ቤት የተጠጋበትን ወገን በወረቀቱ ላይ ምልክት ያድርጉ። መስኮት ሲያስቀምጡ ያስፈልጉዎታል።

አንድ ስኬል ይምረጡና አይለዋውጡ

ስኬል ማለት መሬት ላይ ያለው ርዝመት ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ እንዳነሰ የሚናገር ቁጥር ነው። በ1፡100 ሲሳል 1 ሜትር በ1 ሳንቲ ሜትር ይወከላል። በ1፡50 ሲሳል ደግሞ 1 ሜትር በ2 ሳንቲ ሜትር ይወከላል። ለግቢው በሙሉ 1፡100 ይበቃል፤ 10 በ20 ሜትር ቦታ 10 በ20 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተራ የማተሚያ ወረቀት ላይ ይገባል። ለቤቱ ግን 1፡50 ይሻላል፤ በርና የግድግዳ ውፍረት ለዓይን የሚታዩት በዚህ ነው።

ከወረቀቱ ግርጌ 5 ሜትር የሚወክል መስመር በ1፡50 ልክ፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር አድርገው ያስምሩና «5 ሜትር» ብለው ይጻፉበት። ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ወይም ከስልክ ሲታተም ሊያንስ ወይም ሊተልቅ ይችላል። ያኔ ይህ መስመር አብሮ ስለሚያንስና ስለሚተልቅ፣ ለክተውት 10 ሳንቲ ሜትር ካልሆነ ወረቀቱ በማስመሪያ የሚለካ እንዳልሆነ ወዲያው ያውቃሉ። በተለይ በስልክ በጎን የተነሣ ፎቶ አንዱን ጫፍ ከሌላው ያጠበዋል። ስለዚህ ለባለሙያ ፎቶ ቢልኩ እንኳን ቁጥሮቹ በግልጽ ይጻፉ፤ በምስሉ ላይ ተደርቦ እንዲሳል አይፍቀዱ።

ግድግዳው የወሰደው 15 ካሬ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በንድፉ ላይ ግድግዳ አንድ የእርሳስ መስመር ነው። በእውነቱ ግን 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎኬት በሁለቱም ፊት ሲለሰን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ክፍል ከክፍል የሚለየው ባለ 15 ብሎኬት ደግሞ ከልስኑ ጋር ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ግድግዳ በሁለት መስመር መሳል አለበት። በ1፡50 የውጭው ግድግዳ 5 ሚሊ ሜትር፣ የውስጡ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኖረዋል።

ይህን በእህቴ ንድፍ ላይ ስናደርገው የሆነውን ይመልከቱ። በወርዱ የግራ ውጭ ግድግዳ 25፣ መሃል ግድግዳ 20፣ የቀኝ ውጭ ግድግዳ 25፤ በድምሩ 70 ሳንቲ ሜትር። 8 ሜትር የተባለው ቤት 8 ሜትር ከ70 ሆነ። በርዝመቱም ሁለት የውጭና ሁለት የውስጥ ግድግዳዎች 90 ሳንቲ ሜትር ጨመሩ፤ 10 ሜትሩ 10 ሜትር ከ90 ሆነ። ሁለቱ ሲባዙ 95 ካሬ ገደማ ይመጣል። ማለትም 80 ካሬ ተብሎ የታሰበው ቤት፣ ክፍሎቹ እንደተጻፉት ይሁኑ ከተባለ፣ ከመጀመሪያውም 95 ካሬ ነበር።

ከኮንትራክተር ጋር በካሬ ዋጋ የሚነጋገር ሰው ይህን 15 ካሬ አስቀድሞ ካላወቀ፣ በጀቱ ወደ አንድ አምስተኛ በሚጠጋ መጠን ይሳሳታል። ወይም ደግሞ ግንበኛው 8 በ10ን የውጭ ልክ አድርጎ ይወስደውና 4 ሜትር የተባለው ክፍል ሲለሰን 3 ሜትር ከ65 ሆኖ ያገኙታል። ስለዚህ በፕላኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የውስጥ ይሁን የውጭ ተለይቶ መታወቅ አለበት።

መተላለፊያውስ? ከጠባቡ ጫፍ 9 ሜትር ከ80 ላይ 8 ሜትር ከ70 ሲነሣ የሚቀረው 1 ሜትር ከ10 ብቻ ነው። የታሰበው ግን 2 ሜትር ነበር። በዚያ ላይ የሦስቱም መኝታ ክፍሎች መስኮት የሚከፈተው ወደዚህ መተላለፊያ ነው። ወደ ውጭ የሚከፈት ባለ ሁለት መዝጊያ መስኮት 1 ሜትር ከ20 ስፋት ቢኖረው፣ አንዱ መዝጊያ 60 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ይቆማል። ለሚያልፍ ሰው 50 ሳንቲ ሜትር ይቀረዋል።

መስኮት ሲቀመጥ ጨለማው ክፍል ይታያል

ግድግዳዎቹ ውፍረት ካገኙ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ መስኮቶቹን ማስቀመጥ ነው። በፕላን ላይ መስኮት የሚሳለው የግድግዳውን ሁለት መስመሮች ሳይቆርጡ፣ በመሃላቸው መስተዋቱን የሚያሳይ ቀጭን መስመር በመጨመር ነው። አጠገቡ ስፋቱን፣ ቁመቱንና ከወለል እስከ መስኮቱ ሥር ያለውን ከፍታ ይጻፉ። ለመኝታ ክፍልና ለሳሎን ከወለል 90 ሳንቲ ሜትር ወይም 1 ሜትር የተለመደ ነው። ኩሽና ውስጥ መስኮቱ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ እንዲጀምር 1 ሜትር ከ10 ይደረጋል። ለመታጠቢያ ቤት ደግሞ 1 ሜትር ከ60 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል።

ስፋቱን ለመገመት የተለመደ መነሻ አለ፤ የመስኮቱ ስፋት ከክፍሉ ወለል ቢያንስ አንድ አሥረኛ ይሁን። ወለሉ 11 ካሬ ተኩል ለሆነ መኝታ ክፍል 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ20 መስኮት ወደ አንድ ካሬ ተኩል ስለሚጠጋ ይበቃል።

አሁን የእህቴን የግራ ረድፍ እንመልከት። ግድግዳው ድንበር ላይ ስለቆመ ወደ ጎረቤት ግቢ መስኮት ሊወጣለት አይችልም። ስለዚህ ሳሎኑ ከፊት፣ ኩሽናው ከኋላ ብርሃን ያገኛሉ። መሃል ላይ ያለው መታጠቢያ ቤት ግን ከአራቱም ወገን ተዘግቷል። እንፋሎቱም ሽታውም መውጫ የለውም። በደብተሩ ላይ ይህ አልታየም ነበር፤ አራት ማዕዘን ላይ «መታጠቢያ» ብሎ መጻፍ ብቻ በቂ መስሎ ነበርና።

ይህን ፍተሻ በራስዎ ንድፍ ላይ ለማድረግ ቀላል መንገድ አለ። እያንዳንዱን ክፍል በጣትዎ እየነኩ «የትኛው ግድግዳ ሰማይ ያያል?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ያጡለት ክፍል ወይ ቦታ ይቀይራል፣ ወይ መስኮት የማያስፈልገው ክፍል ይሆናል።

በር ሲሳል መንገዱ ይገለጣል

በር በፕላን ላይ የሚሳለው ግድግዳውን በበሩ ስፋት ልክ ቆርጦ፣ መዝጊያውን ተከፍቶ እንደቆመ በመስመር አሳይቶ፣ ከመዝጊያው ጫፍ እስከ ሌላኛው መቃን ሩብ ክብ በማስመር ነው። ያ ሩብ ክብ ጌጥ አይደለም፤ መዝጊያው ሲከፈትና ሲዘጋ የሚጠርገው ወለል ነው። እዚያ ውስጥ አልጋም፣ ቁም ሳጥንም፣ ሌላ በርም ሊገባ አይገባም። ለዋና በር 1 ሜትር ወይም 1 ሜትር ከ10፣ ለመኝታ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ለመታጠቢያ ቤት 80 ሳንቲ ሜትር የተለመዱ ስፋቶች ናቸው። በሩን ከማዕዘን ጋር አያጣብቁት፤ መቃኑ የሚታሰርበት ቢያንስ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ይተዉለት።

የእህቴ ንድፍ ላይ በሮቹን ለመሳል ስንሞክር ሌላ ነገር ወጣ፤ ኮሪደር አልነበረም። የፊተኛው መኝታ ከሳሎን ይገባል፤ ይሁን። የኋለኛው የልጆች መኝታ ግን የሚነካው ኩሽናውን ብቻ ነው። ልጆቹ ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ በኩሽና አልፈው፣ ከኩሽናም ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሊገቡ ነው ማለት ነው። ኩሽና ውስጥ የሚሠራ ሰው ሲኖርም የእነሱ በር በምድጃው አጠገብ ይከፈታል።

የተስተካከለው ፕላን

መፍትሔው የተገኘው ሁለት ክፍሎችን በማለዋወጥ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ወደ ቀኙ ረድፍ፣ በሁለት መኝታ ክፍሎች መካከል ተዛወረ፤ መስኮቱንም ከመተላለፊያው በኩል አገኘ። ጨለማው ቦታ መስኮት የማያስፈልገው ስቶር ሆነ። ከሳሎኑ ጀርባ ጀምሮ እስከ ኋላው ግድግዳ 1 ሜትር ከ10 ስፋት ያለው ኮሪደር ወጣ፤ ጫፉ ላይ መስተዋት ያለበት የጓሮ በር ስለተደረገለት ብርሃን ያገኛል። መሃለኛው መኝታ፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ የልጆቹ መኝታ፣ ስቶሩና ኩሽናው ሁሉም በር የሚያወጡት ወደዚህ ኮሪደር ነው። የመኝታዎቹ በሮች ወደ ውስጥ ይከፈታሉ፤ ኮሪደሩን እንዳይዘጉ።

መተላለፊያው እንዲሰፋ የቤቱ የውጭ ወርድ 8 ሜትር ላይ እንዲቆም ተወሰነ። ስለዚህ ሳሎኑ 3 ሜትር ከ90፣ መኝታዎቹ 3 ሜትር ከ40 ስፋት ያዙ። ልኩ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይደምሩ፦ ግድግዳ 25፣ ሳሎን 390፣ ግድግዳ 20፣ መኝታ 340፣ ግድግዳ 25፤ በድምሩ 800 ሳንቲ ሜትር። ይህ ድምር ፕላን ማንበብ የማይችል ሰው እንኳን ሊያደርገው የሚችለው ፍተሻ ነው። ከባለሙያ የተቀበሉት ፕላን ላይ የውስጥ ክፍሎችና የግድግዳዎች ድምር ከውጭው ቁጥር ጋር ካልገጠመ አንዱ ቁጥር ስሕተት አለበት፤ ተስተካክሎ እስኪመጣ አይፈርሙበት።

ርዝመቱ በአንጻሩ ወደ 12 ሜትር ከ10 አደገ። አዲሱ ቤት 97 ካሬ ገደማ ሆነ። ግድግዳው ሲቆጠር 95 ከነበረው ንድፍ የበለጠው በ2 ካሬ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ኮሪደር፣ ስቶርና መስኮት ያለው መታጠቢያ ቤት ተገኘበት። መተላለፊያውም 1 ሜትር ከ80 ሆነ። ያለ ዋጋ አልመጣም፤ ከፊት ለመኪና 5 ሜትር ሲተው ከኋላ የቀረው 2 ሜትር ከ90 ነው፤ እህቴ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ያሰበችው ሰርቪስ ቤት በጣም ጠበበ። ባለቤቷ ደግሞ 4 በ4 የነበረውን የፊተኛ መኝታ 3 ሜትር ከ40 በ3 ሜትር ከ40 አድርጎ መቀበል ነበረበት። ሁለቱም ይህን የተነጋገሩት ወረቀት ላይ ነው፤ ማፍረሻ ሳይከፍሉ።

ዕቃዎን በወረቀት ቆርጠው ያስገቡ

የመጨረሻው ፈተና ልጆችም ሊያግዙበት የሚችሉት ነው። ያሉዎትን ዕቃዎች ለክተው በ1፡50 ከካርቶን ይቁረጡ። 1 ሜትር ከ50 በ2 ሜትር የሆነ አልጋ 3 በ4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቁም ሳጥን 1 ሳንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሶፋውን፣ የምግብ ጠረጴዛውን፣ ፍሪጁን እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ ፕላኑ ላይ አስቀምጠው ያንቀሳቅሷቸው። ቁም ሳጥኑ በሩ የሚጠርገውን ሩብ ክብ ከነካ፣ የበሩን መታጠፊያ ወደ ሌላው መቃን ማዞር ብዙ ጊዜ ይበቃል። አልጋው መስኮቱን ከዘጋ፣ መስኮቱን በወረቀት ላይ ግማሽ ሜትር መግፋት አንድ ደቂቃ ይፈጃል። በእህቴ ፕላን የልጆቹ መኝታ በር የዞረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁሉም ቦታውን ሲይዝ ለበሮቹ በ1፣ በ2፣ ለመስኮቶቹ መ1፣ መ2 እያሉ ስም ይስጡ፤ ተመሳሳይ ልክ ያላቸው አንድ ስም ይያዙ። ከጎን ሠንጠረዥ ሠርተው ስፋት፣ ቁመትና ብዛት ይጻፉ። ብረት ሠሪው ወይም አናጺው ዋጋ የሚሰጥዎት ከዚህ ሠንጠረዥ ነው።

ይህ እርስዎ የሠሩት ፕላን የሚፈቀደውን ፕላን አይተካም። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። በሕንፃ አዋጁ መሠረትም ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከድንበርና ከመንገድ ምን ያህል መራቅ እንዳለብዎ፣ ድንበር ላይ መጠጋትም ይፈቀድልዎ እንደሆነ የሚነግርዎት የአካባቢዎ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ነው። ስለዚህ የተለካውን ቦታ ይዘው መጀመሪያ እዚያ ይሂዱ፤ መልሱ መተላለፊያዎን ሊያሰፋ፣ ቤትዎንም ሊያጠብ ይችላልና። መሠረቱን፣ ዓምዱንና ብረቱን የሚያሰላው ደግሞ መሐንዲስ ነው። እርስዎ ይዘው የሚሄዱት ፕላን ጥቅሙ ባለሙያው የፈለጉትን እንዳይገምት፣ እርስዎም የሚሰጥዎትን ማንበብ እንዲችሉ ነው።

ቁፋሮ ከመጀመሩ ከአንድ ቀን በፊት ደግሞ ገመድና ኖራ ይዘው ቦታው ላይ ይገኙ። ግድግዳዎቹን በሙሉ ውፍረታቸው፣ በሮቹንም ክፍት አድርገው መሬት ላይ በኖራ ያስምሩ። ከዚያ ቤተሰቡ በዋናው በር ገብቶ በኮሪደሩ ይሂድ፤ አንዱ ኩሽናው ውስጥ ይቁም፤ ሌላው ከልጆቹ መኝታ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ይሂድ። ትከሻ ለትከሻ የምትጋጩበት ቦታ ካለ፣ ኖራውን በእግር አጥፍቶ እንደገና ማስመር ይቻላል።